እርጥቡን እህል ከላይ ማድረግ
የየቲሞች ድጋፍ ሲሰናከል ለለጋሹ የሚጻፍ ሪፖርት

(በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የየቲሞች ድጋፍ ለሚያከናውኑ ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምንወያየው በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ለየቲም የታሰበው ገንዘብ በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም ከነጭራሹ ሳይደርስ ሲቀር፣ ይህ ለለጋሹ እንዴት ይጻፋል? ሥራው በሰመረበት ዓመት ሪፖርት መጻፍ ማንንም አያስቸግርም። ብዕር የሚከብደው ሥራው በተሰናከለበት ዓመት ነው። የአማናው ፈተናም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

በሐዲስ መጻሕፍት የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውንም እርጥበት ነካቸው። ሻጩን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስገነዘቡ። ልብ እንበል፤ ነጋዴው ዝናብ በመዝነቡ አልተወቀሰም። የተወቀሰው እርጥቡን ከደረቁ ሥር በማኖሩ ነው። የየጁ ገበሬ ደግሞ የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ ያውቃል። እርጥብ ማሽላ ከደረቁ ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓድ ከገባ የሚበላሸው እርጥቡ ብቻ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ዝናቡ የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። ወልድያና ዙሪያዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ምክንያት ከቀሪው አገር ተቆርጠው ቆዩ። ባንክ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ፤ መንገድ ተቆረጠ። ወደ ደሴ የተሰደዱ ቤተሰቦች፣ በጥቅምት 2014 ደሴም በጦርነቱ እጅ ስትገባ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ። በነሐሴ 2014 ውጊያው በቆቦ በኩል እንደገና ተቀሰቀሰ። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ እፎይታ ቢገኝም፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ መዘጋትና የኢንተርኔት መቋረጥ ተመልሶ መጣ። በእነዚህ ጊዜያት የየቲሞች ድጋፍ ሥራ ያልተሰናከለበት ኮሚቴ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥያቄው መሰናከል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚል አይደለም፤ እንዴት ተጻፈ የሚል ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮሚቴውም ቁጥሮቹም ለትምህርት ያህል የተቀመጡ ናቸው እንጂ የማንንም ሒሳብ አይገልጹም። በመርሳና በዙሪያዋ ባሉ የሀብሩ ቀበሌዎች 60 የቲሞችን የሚደግፍ ኮሚቴ አለ እንበል። ለጋሹ ለእያንዳንዱ የቲም በወር 500 ብር መድቧል። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ላሉት ስድስት ወራትም 180,000 ብር አስቀድሞ በባንክ አስገብቷል። የሐምሌው 30,000 ብር ለ60ዎቹም ተከፈለ። ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ። ባንኩ በጥር 2014 ሲከፈት ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ቆጠራ አደረገ፤ 53 የቲሞችንም አገኘ። ለእያንዳንዳቸው የአምስት ወር ውዝፍ 2,500 ብር፣ በድምሩ 132,500 ብር ከፈለ። ሰባት የቲሞች ግን አልተከፈላቸውም። የእነርሱ ድርሻ የሆነው 17,500 ብር በባንክ አለ።

አሁን ሪፖርቱ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፤ «በስድስቱ ወራት ለ60 የቲሞች ወርኃዊ ድጋፍ ተሰጥቷል። በወቅቱ በነበረው ሁኔታ ምክንያት በአንዳንድ ክፍያዎች ላይ መጠነኛ መጓተት የታየ ቢሆንም፣ በአላህ ፈቃድ ችግሩ ተቀርፎ ሥራው ተጠናቋል።»

ይህን ጽሑፍ ቃል በቃል ብንመረምረው ግልጽ ውሸት ለማግኘት እንቸገራለን። በሐምሌ በእርግጥ 60 የቲሞች ተከፍሏቸዋል። መጓተትም ነበር። ሥራውም እንደገና ተጀምሯል። ይሁን እንጂ አንብቦ የሚጨርሰው ለጋሽ በአእምሮው የሚይዘው ሥዕል ሐሰት ነው። 60 ሕፃናት ስድስት ወር ሙሉ ተደግፈዋል ብሎ ያምናል። አምስት ወር አንድም ሳንቲም እንዳልደረሳቸው አያውቅም። ሰባቱ እንዳልተገኙ አያውቅም። 17,500 ብር ባንክ ውስጥ እንደተቀመጠም አያውቅም። እርጥቡ እህል ከደረቁ ሥር ተቀብሯል ማለት ይህ ነው።

ለጋሽ መሰናክልን ሲሰማ በልቡ የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ሕፃናቱ የት ናቸው? ገንዘቡ የት ነው? ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ? ሪፖርቱ እነዚህን ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ከመለሰ፣ መጥፎው ዜና ምንም ያህል መጥፎ ቢሆን አንባቢው መሬት ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ከተዘለለ ግን የቀረው ሁሉ መልካም ቢሆንም ጥርጣሬ ይገባዋል።

የመጀመሪያው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። በምሳሌያችን ሰባቱን በአንድ ቃል «ያልተገኙ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምክንያታቸው የተለያየ ነውና። አራቱ ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ደሴ ሄደዋል እንበል፤ ዘመድ በስልክ ያሉበትን ተናግሯል፣ ነገር ግን ከኮሚቴው ማንም በዐይኑ አላያቸውም። የሁለቱ ወሬ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ጠፍቷል። አንዱ ደግሞ በቆጠራው ጊዜ በሌላ ማኅበር ዝርዝር ላይም ተመዝግቦ ስለተገኘ ክፍያው ታግዷል። «በስልክ ሰምተናል» እና «አይተናል» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም፤ ሪፖርቱም ሊያምታታቸው አይገባም። ለጋሹ ስለ አራቱ ተስፋ፣ ስለ ሁለቱ ሥጋት፣ ስለ አንዱ ጥያቄ እንዲያድርበት ማድረግ ሐቁን በልኩ መስጠት ነው።

ስለተከፈላቸው 53ቱም ቢሆን የሚቀር ነገር አለ። ውዝፉ ስለተከፈለ ጉዳቱ አልተሰረዘም። በየወሩ 500 ብር የሚቀበል አሳዳጊ ጤፍና ዘይት፣ ደብተርና ሳሙና ይገዛበታል። አምስት ወር ጠብቆ 2,500 ብር በአንድ ቀን የሚቀበል አሳዳጊ ግን በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አበዳሪው ነው። በመካከሉ ፍየሉን ሸጦ ሊሆን ይችላል፤ ልጁንም ከትምህርት አስቀርቶ ለሥራ አሰማርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱ «ገንዘቡ ደርሷል» ካለ በኋላ «ዘግይቶ በመድረሱ የሚከተለው ሆኗል» ማለት አለበት። ከ53ቱ ስንቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ? ስንቱ አልተመለሰም? ይህ ቤት ለቤት በሚደረገው ቆጠራ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በመጠየቅ የሚገኝ መልስ ነው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ አራት ቁጥሮች ይበልጣሉ። የተቀበልነው 180,000 ብር፤ በሐምሌ የከፈልነው 30,000 ብር፤ በጥር የከፈልነው 132,500 ብር፤ በባንክ የቀረው 17,500 ብር። ሦስቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ይሰጣሉ። ለጋሹ በራሱ እጅ ደምሮ ሲያገኘው የሚሰማው እፎይታ በምንም ዓይነት የምስጋና ቃል አይተካም። ቁጥሮቹ የማይገጥሙ ከሆነ ግን ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ልዩነቱ ተፈልጎ ይገኝ፤ ካልተገኘም «ይህን ያህል ብር ማስረጃ አላገኘንለትም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ልዩነትን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ርእስ ሥር ማስገባት እርጥቡን መቅበር ነው።

ማስረጃውም በአላህ መጽሐፍ የታዘዘ ነው። የአን-ኒሳእ ምዕራፍ 6ኛው አንቀጽ የየቲሞች ገንዘብ ለባለቤቶቹ በሚሰጥበት ጊዜ ምስክር እንዲቆም ያዝዛል። አንቀጹ የሚናገረው የቲሙ ራሱ ስለሚወርሰው ሀብት ቢሆንም፣ የጥንቃቄው መንፈስ ለእኛም ሥራ መሪ ነው። በሥራችን ይህ ማለት አሳዳጊው የፈረመበት ወይም ጣቱን ያሳረፈበት የማስረከቢያ ቅጽ፣ ሁለት ምስክሮችና ቀን ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቅጾች የተቃጠሉበት ወይም የጠፉበት ኮሚቴ ይህንኑ ይጻፍ፤ የጠፋውን ቅጽ ከኋላ ቀን አስፈርሞ አዲስ እንዳልሆነ ማስመሰል ግን ራሱን የቻለ ማታለል ነው። ትክክለኛው መንገድ አሳዳጊዎቹን ሰብስቦ «የሐምሌውን ተቀብያለሁ» የሚል ማረጋገጫ በዛሬ ቀን ማስፈረም ነው። በሪፖርቱም ላይ «ዋናው ቅጽ ጠፍቷል፤ በጥር 2014 የተፈረመ ማረጋገጫ ተያይዟል» ይባላል።

በባንክ የቀረውን 17,500 ብር በተመለከተ ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ሰባቱ ካልተገኙ በአካባቢው ብዙ የተራቡ የቲሞች አሉና ለእነርሱ እናካፍል የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ የመነጨው ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን ኮሚቴው የገንዘቡ ባለቤት ሳይሆን የለጋሹ ወኪል ነው፤ ወኪል ደግሞ ከተወከለበት አይወጣም። ለጋሹ የሰጠው ለታወቁ ሕፃናት ከሆነ፣ ወይም ዘካ ከሆነና ለተወሰነ ወገን ካሰበው፣ ኒያውን መለወጥ የእርሱ እንጂ የእኛ ሥልጣን አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይነካ ይቆያል፤ ፈቃድም ይጠየቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ? መሰናክልን ዘርዝሮ «ይህን ችግር እንድታውቁልን ነው» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ለጋሹን ጭንቀት ያሸክመዋል እንጂ መንገድ አያሳየውም። ሪፖርት ገንቢ የሚሆነው መጥፎውን በማለዘብ አይደለም፤ ከመጥፎው ቀጥሎ የሚወሰን ነገር በማስቀመጥ ነው። በምሳሌያችን ኮሚቴው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፤ «በደሴ ያሉትን አራቱን በየካቲት ወር አንድ አባል በአካል ሄዶ ያያቸዋል፤ ከተረጋገጠ ውዝፋቸው ይከፈላል። የሁለቱን ፍለጋ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንቀጥላለን። እስከዚያ ካልተገኙ በተጠባባቂነት በተመዘገቡ ሁለት የቲሞች እንድንተካቸው ፈቃድዎን እንጠይቃለን። ፈቃድዎ እስኪደርሰን ገንዘቡ አይነካም።» እዚህ ውስጥ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያበቃና ለጋሹ በምን ላይ «አዎ» ወይም «አይሆንም» እንደሚል ተለይቷል። የሚቀጥለው ሪፖርት ደግሞ ከእነዚህ ቀኖች ይጀምራል።

የቀረው የአንዱ ሕፃን ጉዳይ ነው፤ በሁለት ማኅበራት ዝርዝር ላይ የተገኘው። ይህ ከሁሉም ለመጻፍ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጦርነቱ ያመጣው አይደለም። ከጦርነቱ በፊት የተደረገ ምዝገባ ጉድለት ነው። ብዙ ጸሐፊ ይህን ከጦርነቱ መሰናክሎች ጋር ቀላቅሎ «በአካባቢው ባለው ሁኔታ ምክንያት» በሚለው ሐረግ ሥር ሊያሳልፈው ይፈተናል። ይህ ግን ለጋሹን ከማሳሳቱ በላይ ኮሚቴውን ራሱን ይጎዳል። ምክንያቱ በስሙ ካልተጠራ መድኃኒቱም አይገኝም። ጦርነት ሲያበቃ የጦርነት ችግር ያበቃል፤ ያልተመሳከረ ዝርዝር ግን በሰላሙም ጊዜ ሌላ ድርብ ክፍያ ይወልዳል።

ስለዚህ ሪፖርቱ ከውጭ የመጣውን መሰናክልና ከአሠራር የመነጨውን ጉድለት በሁለት የተለያዩ አንቀጾች ያስቀምጥ። ሁለተኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ዝርዝራችንን በአካባቢው ከሚሠሩ ሌሎች ማኅበራት ዝርዝር ጋር ሳናመሳክር ቆይተናል። በዚህም የሐምሌ 500 ብር ለአንድ የቲም በድርብ ተከፍሏል። ሕፃኑም አሳዳጊውም ያልደበቁት በመሆኑ ገንዘቡን መልሱ አላልንም። ከየካቲት ጀምሮ አዲስ ስም የሚገባው ዝርዝሩ ከሌሎቹ ጋር ከታየ በኋላ ብቻ ነው።» አራት ዐረፍተ ነገር በቂ ነው። ይቅርታ በይቅርታ ላይ መደራረብ፣ ራስን መውቀስና ማልቀስ አያስፈልግም። አንባቢው የሚፈልገው ጉድለቱ ታውቋል ወይ፣ ልኩ ስንት ነው፣ በሩስ ተዘግቷል ወይ የሚለውን ነው።

ስለ አማርኛችንም ጥቂት ልበል። ቋንቋችን ሠሪውን ለመሰወር የተመቸ በር አለው። «ክፍያው ተጓተተ»፣ «ምዝገባው አልተሟላም»፣ «ቅጹ ሳይሞላ ቀረ» ስንል ማን እንዳጓተተ፣ ማን እንዳላሟላ አይታወቅም። ሠሪው እኛ በሆንንበት ቦታ ሁሉ «አልከፈልንም»፣ «አላመሳከርንም» እንበል። «አንዳንድ»፣ «መጠነኛ»፣ «የተወሰኑ» የሚሉትንም ቃላት ቁጥር በምናውቅበት ቦታ እንተዋቸው። «አንዳንድ የቲሞች አልተገኙም» የሚለውን ሲያነብ አንዱ ለጋሽ ሁለት፣ ሌላው ሠላሳ ብሎ ይገምታል። «ሰባት» ሲባል ግምቱ ያበቃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቀደርን በሪፖርት ላይ የምንጠቅስበት መንገድ ነው። የሆነው ሁሉ በአላህ ውሳኔ መሆኑን ማመን ኢማናችን ነው። ነገር ግን ቀደር ለልብ መጽናኛ እንጂ ለሒሳብ ማወራረጃ አይደለም። «የአላህ ቀደር ሆነና ሳይከፈል ቀረ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ በለጋሹ አፍ ላይ ልጓም ያደርጋል፤ ለጋሹ መጠየቅን ኢማን እንደማጉደል ይቆጥረዋልና። ሰብር በልባችን ይኑር፤ በወረቀቱ ላይ ምክንያቱ ይጻፍ።

ግልጽነትም ወሰን አለው። ለለጋሹ ሁሉም ቁጥር ይነገረዋል፤ የየቲሙ ገመና ግን አይነገረውም። ከትምህርት የቀረች፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ወይም በስደት ክፉ ያገኛት ልጅ ካለች በመለያ ቁጥሯ ብቻ ትጠቀስ። ስሟ፣ ፎቶግራፏና ቀበሌዋ በዚህ ክፍል አይወጡም። እንዲሁም ግጭት ባለበት አካባቢ ንብረት ሲጠፋ የምንጽፈው ያየነውን ነው፤ «ጽሕፈት ቤቱን ስንከፍት ሁለት ሣጥን ሰነድ አልነበረም» እንላለን። እገሌ ወሰደው የሚል ግምት ማስረጃ የሌለው ክስ ከመሆኑም በላይ በመንደሩ ውስጥ ያሉትን አባሎቻችንን አደጋ ላይ ይጥላል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው። መጥፎ ዜና የሪፖርት ቀን እስኪደርስ አይጠብቅም። ስልኩ በተመለሰበት ሳምንት አጭር መልእክት ይላክ፤ «ከነሐሴ ጀምሮ አልከፈልንም፤ ገንዘቡ በባንክ አለ፤ ቆጠራ ጀምረናል፤ ዝርዝሩን በጥር መጨረሻ እንልካለን።» ለጋሹ መሰናክሉን ከእኛ አፍ መስማቱ ከሌላ ሰው ከመስማቱ እጅግ ይለያል። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ከሆነም በዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባል። ለባለሥልጣኑ የሚሄደውና ለለጋሹ የሚሄደው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ለአንዱ 60፣ ለሌላው 53 የሚል ኮሚቴ ሁለቱንም ያጣል።

ለጋሾች ሆይ፣ ከእናንተም የሚጠበቅ አለ። እርጥቡን ከላይ አድርጎ ያመጣላችሁን ኮሚቴ በዚያው ምክንያት ብቻ ብትተዉት፣ ሌሎቹ የሚማሩት መቅበርን ነው። ሰባት አልተገኙም የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ሰባቱ ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን አማና በሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ የጠፉትን ልጆቻችንን በሰላም ያገናኘን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።